የአሥር ዓመት ላፕቶፕ አዲስ ጌም ይችላል? ብር ከማውጣቴ በፊት የገመትኩበት መንገድ

ነሐሴ 29 ቀን 2017 ማታ ስልኬ ጠራ። የእህቴ ልጅ ማሙሽ ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ጋሼ፣ ሲልክሶንግ ወጣ! ያ አሮጌው ላፕቶፕዎ ይችለዋል?»

ሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ ማለቱ ነው። ልጁ ለዓመታት ሲጠብቀው የኖረ ጌም። ዋጋው 20 ዶላር ነው፣ ውጭ አገር ያለችው እህታችን ለእንቁጣጣሽ ልትገዛለት ቃል ገብታለች። ላፕቶፑ ደግሞ እኔ በ2007 የመመረቂያ ጽሑፌን ልጽፍበት የገዛሁት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥን ላይ ተኝቶ አቧራ ሲጠጣ ከርሟል። እናቱ እታለም «ዶላሩን ሜዳ ላይ እንዳትበትኑት» ብላ አስጠነቀቀች። እናም ከመገዛቱ በፊት መገመት ነበረብኝ።

መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው ጠየቅሁ። አንዱ ጓደኛዬ «አሮጌ ነው፣ ተወው» አለኝ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ልጅ ደግሞ «ኮር አይ ፋይቭ ከሆነማ ምን ችግር አለው!» አለ። ሁለቱም ላፕቶፑን አላዩትም። ዕድሜ ብቻውን አይናገርም፣ «አይ ፋይቭ» የሚለው ስምም ብቻውን አይናገርም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ራሴ አየሁት።

በዊንዶውስ የፍለጋ ሳጥን ውስጥ `dxdiag` ብላችሁ ጻፉና ክፈቱት። የፕሮሰሰሩ፣ የራሙና የግራፊክሱ ስም እዚያ አለ። የእኔው i5-5200U አለኝ። ከሰረዙ በኋላ ያለው 5 አምስተኛ ትውልድ ማለት ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው U ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ የተሠራ ቆጣቢ ዓይነት መሆኑን ትናገራለች። ግራፊክሱ Intel HD Graphics 5500 ነው፤ ራሱን የቻለ ካርድ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተቀበረ። ራሙ 4 ጊጋ። ስክሪኑ 1366 በ768። ሃርድ ዲስኩ ያው የሚሽከረከረው አሮጌ ዓይነት።

ከዚያ የጌሙን ዝቅተኛ መስፈርት ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ አነበብኩ። ዊንዶውስ 10 ይላል፣ 4 ጊጋ ራም ይላል፣ 8 ጊጋ ባዶ ቦታ ይላል። እስከዚህ ሰላም ነው። ዊንዶውስ 7 ወይም 8 ላይ ያላችሁ ግን እዚሁ ቁሙ፣ ስቲም ራሱ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ለእነሱ ድጋፍ አቁሟል። ፕሮሰሰሩ i3-3240 ነው የሚለው። ይሄ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ነው፣ በፍጥነት ከእኔው ትንሽ ይበልጣል፣ ግን የእኔው በትውልድ አዲስ ስለሆነ ልዩነቱ ያን ያህል አላስጨነቀኝም። ያስደነገጠኝ ግራፊክሱ ነው። GTX 560 Ti ይላል፣ ራሱን የቻለ ካርድ።

አብዛኛው ሰው እዚህ ሲደርስ «አይችልም» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ግን በምን ያህል ነው የሚበልጠው ብዬ ጠየቅሁ። የግራፊክስ ቺፕ በሰከንድ ስንት ስሌት እንደሚሠራ የሚናገር ቁጥር አለ፣ የየቺፑን ስም ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ። GTX 560 Ti ወደ 1,260 ጊጋፍሎፕስ ነው። የእኔው HD 5500 ወደ 360። ሲካፈል 3.5 እጥፍ ገደማ ይበልጠኛል። ይሄ ቁጥር ፍጹም አይደለም፣ የተለያየ ኩባንያ ቺፖችን በእሱ ብቻ ማወዳደርም ያሳስታል፤ ለግምት ግን ከምንም ይሻላል።

አሁን ጥያቄው ይሄን 3.5 እጥፍ ከየት አመጣዋለሁ ነው። ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ስክሪኑ ነው። ሠሪዎቹ መስፈርቱን ሲጽፉ 1920 በ1080 ስክሪን ላይ፣ በሰከንድ 60 ምስል አስበው ነው ብዬ ያዝኩ። ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ መስፈርቱ ላይ አልተጻፈም። 1920 ሲባዛ በ1080 ሁለት ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። የእኔው 1366 በ768 ደግሞ አንድ ሚሊዮን ብቻ። ስክሪኔ የድሮ ስለሆነ ብቻ ሥራው በግማሽ ቀነሰልኝ ማለት ነው! ሁለተኛው ትዕግሥት ነው፦ በሰከንድ 60 መሆኑ ቀርቶ 30 ይበቃኛል ካልኩ ሥራው እንደገና በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት ሲባዛ በሁለት አራት። ጉድለቴ 3.5፣ የምቀንሰው 4። ለጥቂት ያልፋል።

ይህን ሒሳብ ለሌላ ጌምም ሠርቼዋለሁ። ማሙሽ ከጓደኞቹ ጋር ሊጫወተው የፈለገ አንድ ባለ ሦስት አቅጣጫ ጌም ነበር፣ ዝቅተኛው GTX 1060 የሚል። እሱ ወደ 4,400 ጊጋፍሎፕስ ነው። ከእኔው 12 እጥፍ። በአራት ብቀንሰውም ሦስት እጥፍ ይቀረኛል፣ ያንን ለመሙላት ስክሪኑን የግማሽ ግማሽ አድርጌ ጭቃ የመሰለ ምስል ላይ መጫወት አለብኝ። «ይሄኛው የለም» አልኩት። ተኮሳተረ፣ ግን ዶላሩ ተረፈ። በሌላ በኩል ባላትሮን የመሰለ የካርታ ጌም ላይ ሒሳቡን መሥራትም አያስፈልግም፣ 1 ጊጋ ራም ነው የሚለው።

አንድ ነገር ግን በዚህ ሒሳብ አይያዝም። ጌሙ ግራፊክሱ ጭራሽ የማያውቀውን ቋንቋ ከጠየቀ እጥፍ መቁጠር ዋጋ የለውም፣ አይከፈትም አለቀ። የእኔ ትውልድ የኢንቴል ግራፊክስ በዊንዶውስ ላይ ለቩልካን የኢንቴል ድጋፍ የለውም፣ ዳይሬክትኤክስ 11 ግን ይችላል። ሲልክሶንግ ዳይሬክትኤክስ 10 ነው የሚጠይቀው፣ ስለዚህ በዚህ በኩል ነፃ ነኝ። መስፈርቱ ላይ ቩልካን የግድ ነው የሚል ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ። የሚገርመው ሊኑክስ ላይ ይህቺው ቺፕ ቩልካን ታውቃለች፣ ግን ያ ሌላ ጣጣ ነው።

እሺ፣ ወረቀት ላይ አለፈ። ግን ወረቀት ነው።

ቀጥሎ ያለው ነገር ሙከራ ነው፣ በነፃ። ብዙ ኢንዲ ጌሞች ስቲም ላይ የሙከራ ስሪት አላቸው፣ አውርዶ ማየት ነው። ሲልክሶንግ አልነበረውም። ማሙሽ ግን የመጀመሪያውን ሆሎው ናይት ከድሮ ጀምሮ ገዝቶት ነበር። ያው ቡድን፣ ቲም ቼሪ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፣ ሁለቱም የተሠሩት ዩኒቲ በሚባለው የጌም መሥሪያ ነው፣ አሳሳላቸውም ይቀራረባል። አዲሱ እንደሚከብድ ግልጽ ነው። ስለዚህ ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ አሮጌው በሰከንድ 40 አካባቢ ካልረገጠ አዲሱን አንሞክረውም።

ስቲም ውስጥ Settings ገብታችሁ In Game የሚለው ሥር በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚወጣ የሚያሳይ ቆጣሪ አለ። አብሩት። ጌሙ ውስጥ ደግሞ VSync የሚለውን ለሙከራው ያህል አጥፉ፣ ምክንያቱም እሱ ከበራ 60 ያልሞላውን ሁሉ ወደ 30 ሊያወርደው ይችላል፣ እና ለ60 ምን ያህል እንደቀረባችሁ አታውቁም። ከዚያ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ቆማችሁ ቁጥር አትመልከቱ። እኛ ዝናብ የሚዘንብባት የእንባ ከተማ የምትባለዋ ቦታ ነው የሄድነው፣ ጠብታው፣ ጭጋጉ፣ ብርሃኑ፣ ጠላቱ ሁሉ ባንድ ላይ ነው እዚያ።

ውጤቱ አሳፋሪ ነበር። ጸጥ ያለው ቦታ 38፣ ዝናቡ ውስጥ 24። ማሙሽ ፊቱ ጠቆረ።

እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጬ የነበረው፣ እውነቱን ለመናገር። ግን አንድ ነገር ሞከርኩ። ሪዞሉሽኑን ወደ 1024 በ576 አወረድኩት፣ ነጥቦቹ በግማሽ ሊቀንሱ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ያው ቦታ፣ ያው ዝናብ። 24 የነበረው 37 ሆነ። ይሄ ሙከራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ትልቅ ነገር ግን ይነግራችኋል። ምስሉ ሲያንስ ፍጥነቱ ከጨመረ ማነቆው ግራፊክሱ ወይም እሱ የሚመገብበት ራም ነው። ምስሉ አንሶም ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ጥፋተኛው ፕሮሰሰሩ ነው፣ እሱን ደግሞ እንዲህ ባለ ላፕቶፕ ላይ መቀየር ስለማይቻል ጨዋታው አበቃ። የእኔው ጨመረ። ደስ አለኝ።

ታዲያ ግራፊክሱ ነው ወይስ ራሙ? ታስክ ማናጀር ከፍቼ Performance፣ ከዚያ Memory ስል `Slots used: 1 of 2` ይላል። ሁለት ራም መሰኪያ አለ፣ አንዱ ባዶ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ባዶ! በፕሮሰሰሩ ውስጥ የተቀበረ ግራፊክስ የራሱ ማህደረ ትውስታ የለውም፣ የኮምፒውተሩን ራም ነው የሚጋራው። በአንድ እንጨት ራም ላይ (እኛ ሰፈር እንጨት ነው የምንለው) መንገዱ በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ያሳልፋል። ሁለት ሲሆን 25.6። መስፈርቱ ላይ ያለው GTX 560 Ti ግን 128 ጊጋባይት የሚያሳልፍ የራሱ መንገድ አለው። ያየሁትን 3.5 እጥፍ አስታውሱ፤ በዚህ በኩል ደግሞ ጉድለቴ አሥር እጥፍ ነበር። ወረቀት ላይ አልፎ ሙከራ ላይ የወደቀው ለዚህ ነው። በላዩ ላይ ዊንዶውስ ብቻውን ከ4 ጊጋው ግማሹን ይበላዋል።

ዩቲዩብ ላይ ያንኑ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ጌሙን እንደ ቅቤ ሲያንሸራትተው የምታዩት ቪዲዮ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተውም እዚህ ጋ ነው። ሰውዬው ሁለት እንጨት ራም አለው፣ እናንተ አንድ። ቪዲዮው ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፣ «8 ጊጋ» ብቻ የሚል ከሆነ አይበቃም፣ «4 እና 4» የሚል ፈልጉ።

ራም ፍለጋ ሌላ ትምህርት ሆነ። እዚህ ስላላገኘሁ አዲስ አበባ ወረድኩ፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሱቅ ያገለገለ 4 ጊጋ ሸጠልኝ፣ «ለሁሉም ላፕቶፕ ይሆናል» ብሎ። አምጥቼ ስሰካው ላፕቶፑ ጭራሽ አልበራ አለ፣ ጥቁር ስክሪን። አወጣሁት፣ በራ። መለስኩት፣ ጠፋ። ገደልኩት ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ፣ በዚያ ብርድ። ኋላ መለያውን ሳነብ PC3-12800S ይላል። የእኔው ግን PC3L ነው። የምትጎድለው ያቺ L ብቻ ነች። L ያለው በ1.35 ቮልት የሚሠራው ነው፣ የሌለው 1.5 ቮልት ይፈልጋል፣ የእኔ ፕሮሰሰር ደግሞ ዝቅተኛውን ብቻ ነው የሚቀበለው። ተመልሼ አስቀየርኩ፣ የመንገዱ ትራንስፖርት ከራሙ ጋር ሊወዳደር ምንም አልቀረውም። እባካችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ያለውን ራም አውጡና መለያውን በስልካችሁ አንሱት። ስትከፍቱም ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ ባትሪውን አውጥታችሁ፣ መጀመሪያ ብረት ነክታችሁ፤ እኛ አገር በበጋው ደረቅ ብርድ የሱፍ ሹራብ ለብሶ ሰሌዳ መንካት አይመከርም። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ የተበየደ ነው፣ ባዶ መሰኪያም የላቸውም፣ ስለዚህ ታስክ ማናጀሩን አስቀድማችሁ እዩ።

ሁለተኛው እንጨት ከገባ በኋላ፣ ያው ዝናብ፣ በሙሉው 1366 በ768፦ 36። ጸጥ ያለው ቦታ 50ን አለፈ። ማሙሽ ተነስቶ ዘለለ።

ከዚያ ላፕቶፑን ይዞ ጠባሴ ቤታቸው ሄደ። በነጋታው ደወለ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ጥሩ ነው፣ ከዚያ ይንቀራፈፋል።»

ስንት ደቂቃ ቆይቶ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ሩብ ሰዓት ገደማ አለ። ይህ «ስንት ደቂቃ ቆይቶ» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይጠቅማል። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ የሚንቀራፈፍ ከሆነ የአቅም ጉዳይ ነው፣ ከላይ ያልነው። አዲስ ክፍል ሲገቡ ብቻ የሚደናቀፍ ከሆነ ሃርድ ዲስኩ ነው። ጥሩ ተጫውቶ ቆይቶ የሚወርድ ከሆነ ግን ሙቀት ነው።

ሄጄ አየሁት። ልጁ አልጋ ላይ ነው፣ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ላፕቶፑንም ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጦ! ምን ይደረግ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ነች። ብርዱም አያስቀምጥም። የአየር መሳቢያው ግን ሆዱ ሥር ነው፣ እሱን ጥጥ ደፍኖታል። ታስክ ማናጀር ላይ CPU የሚለው ሥር ያለው Speed ሲጀምር 2.5 ጊጋኸርዝ ነበር፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ 1.2 ላይ ቆሟል። ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ሲያዘገይ ነው። ግራፊክሱም እዚያው ቺፕ ላይ ስለሆነ አብሮት ይዘገያል።

ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። 1.8 ላይ ወጣ፣ ግን 2.5 አልተመለሰም። ከብርድ ልብሱ ሌላም ነገር ነበረ ማለት ነው። ከፍተን ፋኑን ስናየው ከሙቀት ማስወጫው ክንፎች ፊት አቧራው ተጋግሮ ስሜት (ያ ከበግ ፀጉር የሚሠራው) መስሏል። የቺፑን ሙቀት ወደ ማስወጫው የሚያሻግረው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱም፣ ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ጠራርገን፣ አዲስ ፔስት የሩዝ ፍሬ ያህል አድርገን ዘጋነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት 2.4 ላይ ቆየ። ሰው «ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ላፕቶፕ አይሞቅም» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ቀዝቃዛ አየር ይረዳል፣ ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ከቆላው ያንሳል። ብርዱን አምናችሁ አቧራውን አትተዉት።

ስለዚህ ስትሞክሩ ከግማሽ ሰዓት በታች አትሞክሩ። አምስት ደቂቃ ሞክሮ «ይችላል» ያለ ሰው ቀዝቃዛ ላፕቶፕ ነው የፈተነው። ቻርጀር ላይም ሰክታችሁ ሞክሩ፣ በባትሪ ሲሆን ብዙ ላፕቶፕ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የእኛው ባትሪ እንኳን ሞቷል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

በዚህ ሁሉ ግምቴ እንዲህ ሆነ፦ አሮጌው ዝናብ ውስጥ 36 ከሆነ፣ አዲሱ ስለሚከብድ በመጥፎ ቦታ ከ25 እስከ 30፣ በሌላው ከ35 በላይ። እታለምን ይሄንኑ ነገርኳት፣ «ይጫወታል፣ ግን አልፎ አልፎ ይንገዳገዳል» ብዬ። ግምቴ ቢሳሳትም መመለሻ አለው፤ ስቲም ከተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ የተጫወታችሁት ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ ገንዘቡን ይመልሳል። ሁለት ሰዓቷ ግን ሜኑ ላይ ቆማችሁም ትቆጠራለች፣ ጌሙን ከፍታችሁ ቡና ልታፈሉ እንዳትሄዱ። ማሙሽን የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ለፈተና ብቻ ነው ያልኩት፣ ታሪኩን ኋላ ትደርስበታለህ ብዬ።

ጌሙ ተገዛ፣ ሁለት ሌሊት ሲወርድ አደረ። ውጤቱ ከግምቴ ብዙ አልራቀም። ብዙ ቦታ 36፣ 38 ነው። ፍንጣሪና ጭስ በሚበዛባቸው ውጊያዎች 26 ድረስ ይወርዳል። ያኔ ወደ 1280 በ720 እናወርደዋለን፣ ሦስት አራት ይጨምራል፣ ዓይን ልዩነቱን ብዙ አያየውም። አዲስ ቦታ ሲገባ ግን ለአንድ ሰከንድ ያህል ይደርቃል። ይሄ ዲስኩ ነው። የማይሽከረከረው አዲሱ ዓይነት ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ቢገባለት ይሄ መድረቅ ይቀንሳል፣ 36ቱን ግን 50 አያደርገውም፤ ሰው ኤስኤስዲ ጌም ያፈጥናል ሲላችሁ የሚያፈጥነው መጫኑን ነው። ለጊዜው አልገዛንም።

ባለፈው እሑድ ስሄድ ማሙሽ ከአንድ የጌሙ አለቃ ጋር ተጋጥሞ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ እየሞተ ነበር። ቆጣሪውን አየሁት፣ 27 ይላል። «ይሄ ነው መሰለኝ የሚያስቸግርህ፣ ሪዞሉሽኑን እናውርደው?» አልኩት።

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «የለም ጋሼ» አለ፣ «ላፕቶፑ ደህና ነው። የማልችለው እኔ ነኝ።»